ሰባ አንድ የቡና ፍሬ

«ደሞዝ ቢጨመርልህ ታክሱ ይበላዋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ ለቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ስናዘጋጅ የተነሳነው ከዚችው አባባል ነው።

የሚያስፈልገው 71 የቡና ፍሬና አራት ስኒ ነው፤ ቡና መቼም በማጂ አገር አይቸግርም። አንዷ ፍሬ 100 ብር ናት እንበል። ደሞዛችን እንግዲህ 7,100 ብር ሆነ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ 20 ፍሬ አንደኛው ስኒ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ ይከፈልበታል፤ 300 ብር። ከዚያ በኋላ ያለው 3,000 ብር 20 በመቶ፤ 600 ብር። አንዲት ፍሬ ቀረች። አራተኛው ስኒ ውስጥ ትገባለች፤ 25 በመቶ የሚከፈለው በእሷ ላይ ብቻ ነው፤ 25 ብር። ድምሩ 925 ብር።

ደብተር ላይ 1,775 ካያችሁ ተማሪው ስኒዎቹን ደባልቆ ሙሉውን ደሞዝ በ25 በመቶ አባዝቶታል ማለት ነው። ያኔ የመጨረሻዋን ፍሬ አውጥቶ እንደገና ያስላ። 7,000 ብር ላይ ግብሩ 900 ነው፤ እጁ የሚገባው 6,100 ብር። ፍሬዋን ይመልሳት፤ 6,175 ብር። ከ100 ብር ጭማሪ 75ቱ ኪሱ ገባ። ታዲያ ታክሱ የቱን በላው?

እውነተኛው ፔሮል ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆረጣል። እሱን ግን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አቆይተነዋል፤ መጀመሪያ ስኒዎቹ ይለዩ።