መጀመሪያ ዕዳውን ማሳየት



አምና እኔና ሁለት ጓደኞቼ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ይዘን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ሱቅ ሄድን። የሠራነው የዱቤ ደብተርን የሚተካ የስልክ አፕ ነበር። ባለሱቋ እናት ከዙህር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ኑ ብለውናል።

ለማሳያው የጻፍነው ስክሪፕት የ7 ደቂቃ ነበር። በምዝገባና በይለፍ ቃል ይጀምራል፤ ቀጥሎ መረጃው እንዴት እንደሚመሰጠር፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት የተመዘገበው ኋላ ከሰርቨሩ ጋር እንዴት እንደሚናበብ ያስረዳል። ማናበቡ ወራት ስለፈጀብን በጣም የምንኮራበት እሱ ነበር። የዱቤው ዝርዝር የሚመጣው በስድስተኛው ደቂቃ ነው። እሳቸው ግን በሁለተኛው ደቂቃ ዓይናቸው በር በሩን ያይ ጀመር። ስኳር የሚገዛ ልጅ መጣ፣ እሱን ለማስተናገድ ተነሡ፤ ሲመለሱ «በሉ ልጆቼ፣ ሌላ ቀን» አሉን።

ቁልቁል ስንወርድ ጓደኛዬ «ቆይ፣ እሳቸው ደብተሩን የሚገልጡት ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። መልሱ ግልጽ ነው፤ ማን ስንት ብር እንዳለበት ለማወቅ። እኛ ስክሪፕቱን የጻፍነው አፑን በሠራንበት ቅደም ተከተል ነበር።

አዲሱን ከዚያው ጥያቄ ጀመርነው። የሙከራ መረጃውንም ቀየርን፤ «ተጠቃሚ 1» የሚለውን አጥፍተን ሰፈር ውስጥ የተለመዱ ስሞች፣ ዘይትና ሳሙና አስገባን። የእውነተኛ ደንበኞቻቸውን ስም ግን አልተጠቀምንም፤ የሰው ዕዳ ለሌላ አይታይም።

በሳምንቱ ስንመለስ ስለራሳችን ሳናወራ አንድ ስም ጻፍኩ። «840 ብር» የሚል ከነቀኑ ወጣ። ቀጥሎ 500 ብር ተከፈለ ብዬ መዘገብኩ፤ ቀሪው 340 ሆነ። ከዚያ ዳታውን እፊታቸው አጥፍቼ ሌላ ዱቤ አስገባሁ። ወራት የፈጀው ሥራ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ኔትወርክ ቢጠፋም ይመዘግባል።»

እዚህ ላይ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። «ቢሰረቅስ?» ምስጠራውና በሰርቨር ላይ ያለው ቅጂ ቦታቸውን ያገኙት ያኔ ነው። ምዝገባው መጨረሻ ላይ መጣ።

ኋላ ሳነብ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማውዝን ለሕዝብ ባሳየበት ዝግጅት ላይ የአስቤዛ ዝርዝር እየጻፈና እየመደበ እንዳሳየ አገኘሁ። የመሣሪያዎቹ ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ይህ ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም አይሆንም። ለመመረቂያው ፈታኞቻችን ያንኑ ስክሪፕት ይዘን ብንቀርብ ኖሮ እንወድቅ ነበር፤ እነሱ የሚመዝኑት ዲዛይኑን ስለሆነ በማናበቡ ጀመርን።

እናታችን አፑን እስካሁን ይጠቀሙበታል። ደብተሩንም አልጣሉትም፤ ከስኳሩ ጆንያ በላይ እንደተሰቀለ ነው።