ዋጋውን ነው ወይስ ሥራውን?

ትናንት 12ኛ ክፍል ስለ ብሔራዊ ባንክ ሳስተምር ሁለት ተማሪዎች ተያያዙና የቀኑ እቅዴ ተበላሸ። አልቆጨኝም።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ብሎ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ አልኳቸው። ያኔ ንረቱ 28 በመቶ ግድም ነበር።

ወንድሙ ብሎኬት የሚያመርተው ልጅ ተነሳ። “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሥራ መዝጋት ነው!” ቾክ ተቀብሎ ሰሌዳው ላይ ሠራው። አንድ ባንክ ያበደረው 100 ሚሊዮን ቢሆን ገደቡ 114 ያደርሰዋል። ዋጋ ግን በ28 በመቶ ከጨመረ፣ ያ 114 የሚገዛው አምና 89 ሚሊዮን ይገዛ የነበረውን ነው። “ብድሩ ጨመረ ይባላል፣ ሲሚንቶው ግን ቀነሰ። ወንድሜ ሁለት ሠራተኛ አሰናበተ። የአሜሪካው ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዋጋንም ሥራንም እንዲጠብቅ በሕግ ታዟል፤ የኛስ?”

እናቷ ገበያ ላይ ጤፍ የምትሸጥ ልጅ ከኋላ ወንበር መለሰችለት። “የቀሩትስ ሠራተኞች? 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው ደመወዙ ካልጨመረ በዚያ ንረት የሚገዛው የ3,900 ብር ዕቃ ነው። ሥራ የፈታውም እኮ ያንኑ ጤፍ ነው የሚገዛው!”

ልጁ ግን አልተረታም። “መንገድ ሲዘጋ፣ ማዳበሪያ ሲወደድስ? ባንኩ ጤፍ ያበቅላል?”

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነዋ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋም ሥራም አብረው ስለሚወርዱ ብድር ማላላት ለሁለቱም ይበጃል። ዕቃ ጠፍቶ ዋጋ ሲንር ግን ባንኩ ማድረግ የሚችለው የገዢውን አቅም መቀነስ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የአንድ ሰው እንጀራ ነው። በአንድ መሪ ሁለት መንገድ አይነዳም። (የኛ አገር ንረት ከሁለቱም የተቀላቀለ ነው፤ ስንት ስንት እንደሆነ መለየቱ ነው ከባዱ።)

ልጅቷ መልሳ፣ “እሺ፣ ሥራውን በምን ይለኩታል?” አለች። ጥያቄዋን ወደድኩት። የዋጋው አኀዝ በየወሩ ይወጣል። ገጠርንም ከተማንም ያካተተው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ግን በ2005 ተደርጎ ቀጣዩ የመጣው በ2013 ነው። ባንኩ ወለዱን ሲወስን የትኛውን ያይ? ደግሞ የአባቱን ፍየል የሚጠብቅ የ10ኛ ክፍል ጨራሽ፣ ሳዑዲ ለመሄድ ደላላ እየጠበቀ፣ መዝገብ ላይ “ሥራ ያለው” ነው።

ለጊዜው ዋጋ ይቅደም ባይ ነኝ፤ በማናየው ነገር ባንክ መጠየቅ አይቻልም። ሰኔ 2016 ላይ ንረቱ ከ20 በመቶ በታች ወርዷል፣ ገደቡም ኋላ ወደ 18 ከፍ ብሎ ነበር። ይህን ስናገር ልጁ እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ ታዲያ የተሰናበቱት ሁለቱ የት ተቆጠሩ?”

ደወሉ ተደወለ። ሰኞ እንቀጥላለን።