ጀርባ ተሰጥቶ የሚነገር

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ሹሩባ ትሠራለች። መስታወትም ካስክም የላትም። ያላት ዱካ፣ ሚዶ፣ ጸጉር መክፈያ ወስፌና በብርጭቆ የተቀመጠ ለጋ ቅቤ ነው። ደንበኛዋ ዱካው ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን ለአክስቴ ትሰጣለች። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አንዷ የሌላዋን ፊት አታይም። ሴቶቹ ለባላቸው ያልነገሩትን ለእሷ የሚነግሯት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አንዷ ስለ ማድያቷ ታወራለች። ሌላዋ ከወለደች አራት ወር ሆኗት ጸጉሯ በሚዶው ላይ እፍኝ እፍኝ ይወጣል፤ ልትመለጥ ነው ብላ ታለቅሳለች። አክስቴ "የአራስ ነው፣ ልጅሽ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል" ትላታለች። አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል። ከሁሉ በዝቶ የሚመጣው፣ ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገረው፣ የጠርዝ ጸጉር መሸሽ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ሊመሽ ሲል፣ ለጥር ሠርግ የተቆረጠላት አንዲት ልጅ መጣች። እኔም ለጥየቃ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ በሩን ዘግታ ሻሿን ፈታች። "እትዬ፣ ላሽ በላኝ መሰለኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ" አለች።

አክስቴ ወደ መብራቱ አዞረቻትና በጣቷ ዳበሰች። ላሽ ክብ ክብ አድርጎ ነው የሚመልጠው። ቆርቆር ደግሞ ይቀረፈታል፣ ያሳክካል፤ እንዲህ ያለ ሲገጥማት አክስቴ ሹሩባውን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ በቅባት አይድንም። የልጅቷ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ጸጉሯ የሳሳው ከጆሮዋ በላይ፣ በግራም በቀኝም ነው። ግንባሯ ጠርዝ ላይ ቀጫጭን አጫጭር ጸጉሮች ተሰልፈው ቀርተዋል፤ ባዶው ከእነሱ ኋላ ነው። ይህ ጸጉር ለረጅም ጊዜ ሲወጠር የሚመጣ ጉዳት ነው።

"ስትሠሪ ያምሻል?"

"ሁለት ሌሊት አልተኛም። ግን ካልጠበቀ አይበረክትም።"

ከተማ ትማር በነበረበት ጊዜ ሁሉ በሰው ሠራሽ ጸጉር እየተቀጠለ፣ ከሥሩ ጠብቆ ይሠራላት ነበር። አንዱ ሲፈታ ሌላው በማግስቱ ይተካል። ቅጥያው ክብደት አለው፤ የሚጎትተውም የጠርዙን ስስ ጸጉር ነው። አክስቴ የምታየው ምልክት ቀላል ነው፦ ተሠርታ የተነሳች ሴት ቅንድቧን ስታነሳ ካመማት፣ ወይም በማግስቱ ጠርዙ ላይ ችፍ ካለባት፣ ሹሩባው መፈታት አለበት። ብዙዎቻችን ከተማ ውስጥ ያንን ሕመም የቁንጅና ዋጋ አድርገን እንከፍላለን፤ እንደውም ልጆቻችንንም እናስለምዳለን።

ልጅቷ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ ይመለሳል ወይ? አክስቴ ቆዳውን ደግማ አየችው። የጸጉር ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፣ አልፎ አልፎም ለስላሳ ጭገር አለ። "ይመለሳል፤ ለጥር ግን አይደርስም" አለቻት። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቷ ቆዳዋ እንደ መዳፍ ለስልሶ፣ አብረቅርቆ ነበር የመጣችው። ለእሷ ያለቻት "ይኼ አይመለስም፣ ገንዘብሽን በቅባት አትጨርሺ" ነው። ቅቤውን ራሷ እየቀባች እንዲህ ማለቷ ይገርመኛል። ቅቤ ያለሰልሳል እንጂ የሞተ ሥር አያስነሳም ትላለች።

ልጅቷ ሁለቱን ወር ጸጉሯን ሳትሠራ፣ ላላ አድርጋ ከኋላ እየያዘች እንድትቆይ ተስማሙ። ጭንቁ የመጣው ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው። እናትየው መጡና ለፎቶ የሚያምር ቀጭን ሹሩባ፣ ከነቅጥያው፣ አዘዙ። አክስቴ እውነቱን ብትናገር የልጅቷን ምስጢር ታወጣለች፤ ዝም ብላ ብትሠራ ደግሞ ገና የበቀለውን ትነቅላለች።

"እጄን እያመመኝ ነው፤ ቀጭኑን አልችልም" አለች።

እናትየው ተቆጡ። በመንደሩም የአክስቴ እጅ ደከመ ተብሎ ተወራ፤ በዚያ ወር ሁለት ሙሽሮች ወደ ከተማ ሄደው ተሠሩ። ይህ ለእሷ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። እኔ ብሆን ለእናትየው እነግር ነበር፤ እናት ናቸውና ይረዳሉ ብዬ። አክስቴ ግን "የነገረችኝ ልጅቷ ናት" ብላ ዘጋችኝ።

ለሙሽራዋ ወፋፍራም ሹሩባ ሠራችላት፤ ከሥሩ ላላ ያለ፣ ቅጥያ የሌለው፣ የጠርዙ ጸጉር ሳይነካ በሁለቱም በኩል ወደ ታች የተለቀቀ። ሳሳ ያለው ቦታ ከሥሩ ተሸፈነ። በማግስቱ እንዳላመማት ጠየቀቻት፤ አላመማትም።

በሚያዝያ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ቀን ነበር፣ ሌሎች ሴቶችም ተራ ይጠብቁ ነበር። ዱካው ላይ ተቀመጠችና በሩ ክፍት እንደሆነ ሻሿን ፈታች።