ወኪሉ ይክፈል ወይስ ይከልክል?

«የሞባይል ገንዘብ ሥርዓት ንደፍ» ይባላል፣ ልምድ ያለው የሶፍትዌር መሐንዲስ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ። ጀማሪ ወዲያው ሳጥንና ቀስት መሳል ይጀምራል። የበሰለው ግን መጀመሪያ ይጠይቃል፦ «ኔትወርክ ሲቋረጥ ወኪሉ ይክፈል ወይስ ይከልክል?»

አንዲት ነጋዴ ሂሳቧ ላይ 1,000 ብር አላት እንበል። የገራዶውም የኮምቦልቻውም ወኪል ኔትወርክ ተቋርጦባቸዋል፤ ሁለቱም ስልክ ላይ የቀረው የመጨረሻ ቁጥር 1,000 ነው። እሷ ገራዶ 800 ብር ታወጣለች፤ የሚስጥር ቁጥሯን የሚያውቀው ልጇ ደግሞ ኮምቦልቻ ሌላ 800። ኔትወርኩ ሲመለስ 600 ብር ጎድሏል። መከልከል ይህን ያስቀራል፤ ግን በገበያ ቀን ሴትዮዋን ባዶ እጇን ይመልሳል።

መሐንዲሱ ጣሪያ ያበጅለታል፦ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት አንድ ወኪል ለአንድ ደንበኛ ከ200 ብር በላይ አይከፍልም። ስድስት ወኪል ጋ ቢዞሩ እንኳ ጉድለቱ 200 ብር ነው።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉትን ይጠይቃል፦ ጉድለቱን ማን ይሸከማል? በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡ፣ መንስኤው የኔትወርክ መቋረጥ ባይሆንም፣ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ የሰዎችን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሷል። ፈታኙ «ወኪሉ ይሸከም» ካለ 200ውም ብዙ ነው፤ የገራዶው ወኪል በራሱ ፈቃድ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይመልሳታል።