«ስኳሬ ወደ 11 ወረደ»

እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝ አገር። ስኳር እንዳለባት ካወቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ለድሮው መለኪያዋ የሚሆን ስትሪፕ ከገበያ ሲጠፋባት አዲስ ማሽን ገዛሁና ከነስትሪፑ በሰው እጅ ላክሁላት። ስትሪፕ የሚሠራው ለራሱ ማሽን ብቻ ስለሆነ ማሽን ብቻውን መላክ ዋጋ የለውም።

አጠቃቀሙን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ልኬላት ነበር። እሷ ግን ዕቃው እጇ እንደገባ መልእክቱን ሳትሰማ ለካች። ማታ የመጣልኝ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ሁለት መቶ የነበረው ስኳሬ ወደ 11.3 ወረደ። አለቀልኝ። ስኳር በውሃ በጥብጡልኝ ብያለሁ።»

ወዲያው ደወልኩ። «እማዬ፣ እንዳትጠጪው! ስኳርሽ አልወረደም፤ እዚያው ሁለት መቶ ላይ ነው።»

ነገሩ የመስፈሪያው ነው። በአገራችን የጤና ተቋማት ስኳር የሚነገረው በሚሊግራም ነው። እንግሊዝ አገር ግን የሚለካው በሚሊሞል ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ማሽንም በዚያው ተቆልፎ ስለሚመጣ መቀየር አይቻልም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከቁጥሩ አጠገብ ካለው ጽሑፍ ነው፦ የአገር ቤቱ mg/dL፣ የእንግሊዙ mmol/L። እናቴ ፊደሉን ባታነብም ነጥቧን ታያለች። እንደ 11.3 ነጥብ ያለው ቁጥር ከመጣ የእንግሊዙ ነው።

እንዴት ላስረዳት? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትነግድ የኖረች ናት። «አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ አይደል? የዚህ ማሽን አንዱ ደግሞ የሐኪምሽ 18 ነው» አልኳት። ማባዣ ዘዴም ሰጠኋት፦ ቁጥሩን እጥፍ አድርጊው፣ በአሥር አብዢው፣ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሺ። 11.3 እጥፉ 22.6፣ በአሥር ሲበዛ 226፤ አሥረኛው 23 ገደማ ሲቀነስ 203 ይቀራል። እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ እሷ «ሁለት መቶ ሦስት» አለች። ሐኪሟ ከቁርስ በፊት ከ80 እስከ 130 እንዲሆን ነግረዋታል፤ በአዲሱ ማሽን ከ4.4 እስከ 7.2 ማለት ነው። ይህ የእሷ ልክ ነው፤ ለሌላ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ፣ ሐኪሙ ሌላ ሊል ይችላል።

በሳምንቱ ሌላ ድንጋጤ መጣ፦ በባዶ ሆድ 15.6። ማታ የበላችው ሽሮ በእንጀራ ነው፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። «ጠዋት በእጅሽ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ለልጅ ልጇ ብርቱካን ልጣ ነበር። ማሽኑ የሚለካው ጠብታ ደም ነው፤ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ከዚያች ጠብታ ጋር ሲቀላቀል ቁጥሩን ያንረዋል። እሷ ጣቷን በአልኮል ጠርጋ ነበር፣ ግን አልኮል ይህን ስኳር በደንብ አያነሳውም። በውሃና ሳሙና ታጥባ፣ በንጹሕ ፎጣ አድርቃ፣ በሌላ ስትሪፕ ስትለካ 7.4 ሆነ። ማድረቁ ራሱ ቁም ነገር ነው፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። ደሙ እምቢ ካለም ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ሳይሆን እጅን ወደ ታች ለጥቂት ጊዜ ማንጠልጠል ይሻላል። መውጋትም መሐል ጣቱ ላይ ሳይሆን ጫፉ ጎን ላይ ቢሆን ሕመሙ ይቀንሳል።

የጎረቤቶቿን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ቡና ላይ ሁሉም «እኛንም ለኪን» ይላሉ። መውጊያውን ግን መዋዋስ አይቻልም፤ መርፌው ቢቀየር እንኳ መያዣው ላይ የሚቀር ደም የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። እናቴ ይህን ስነግራት እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ ብላ ተጨነቀች። በኋላ የአንዱን ስትሪፕ ዋጋ በብር አስልታ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጠያቂ የለም።

የምር የሚያስፈራው ከ4 በታች ሲሆን ነው፤ በሐኪሟ ቁጥር ከ70 ገደማ በታች። LO የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ሊያነበው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስኳር በውሃ መጠጣት ትክክል ነው፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ይህን የወንድሜ ልጅ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ጓዳው በር ላይ ለጠፈው። በላዩም እናቴ ባስጻፈችው መሠረት «ነጥብ ካለው በ18» ይላል።