ካርዱ ላይ የማይጻፈው

«የደስታችን ተካፋይ ይሁኑልን» ማለቱንስ ማንም ያውቅበታል፤ የሠርግ ካርድ የሚያስቸግረው ከዚያ ወዲያ ነው። የወንድሜ ልጅ ያሳየኝ ረቂቅ «ጥር 17፣ 7 ሰዓት፣ ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ» ይላል። ዋሽንግተን ያለችው አክስቱ 7 ሰዓትን የምሽት አድርጋ ብታነበው ድግሱ ካለቀ በኋላ ልትደርስ ነው። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም ፈርሷል፤ እንግዳው ምኑን አይቶ ይምጣ?

እንዲህ አስተካከልነው፦ «ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 25 ቀን 2025)፣ ከቀኑ 7 ሰዓት (በውጭ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት)፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በተተከለው ድንኳን። ለመልሱ የሀገር ልብስ ቢለብሱልን ደስ ይለናል።»

ግርጌው ላይ «መዋጮ 3,000 ብር» የሚል ነበር፤ እሱን አስወጣሁት። ካርዱ አለቃም ጎረቤትም እጅ ይገባል፤ መዋጮው ግን አስቀድመን የተስማማን ስምንት ዘመዳሞች ጉዳይ ነው። ለእነሱ ብቻ በትንሽ ወረቀት «በተስማማነው መሠረት 3,000 ብር እስከ ጥር 5 ለትልቋ አክስታችን እንዲደርስልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ያልተመቸው መምጣቱ ይበቃናል» ብለን ጻፍን።

ልጁ «ጋሼ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ገንዘቡን ታስቀርብናለች» ብሎ ተከራከረኝ። ከስምንቱ ሁለቱ ጡረተኞች ናቸው። ሳትነካ ታተመች።