አንበሶቼስ የት ገቡ?



ባለፈው ዐርብ ፔታህ ቲክቫ እናታችን ቤት ስንገባ ሳሎኑ ተራቁቶ አገኘነው። የእህታችን ልጅ የእጮኛዋ ወላጆች ሊመጡ ስለሆነ «ሳሎኑ ሹክ መሰለ» ብላ ትራሶቹን ሁሉ ቁም ሳጥን ከታ፣ በቦታቸው ሁለት ግራጫ ትራሶች አስቀምጣለች። እናታችን አልተቆጣችም። ቡናውን እየቀዳች ዝቅ ባለ ድምፅ «አንበሶቼስ የት ገቡ?» አለች ብቻ።

አንበሶቹ ሁለት የትራስ ልብሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከመምጣታችን በፊት፣ አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ፣ በእጇ የጠለፈቻቸው። ያኔ ብዙ እናቶቻችን በጥልፍ ቀኑን ይገፉ ነበር።

ልጅቷም ግን ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ሁሉን አውጥተን መሬት ላይ ስንዘረጋው ነገሩ ገባን። አንበሶቹ፣ ትልልቅ አበባ ያለባቸው ትራሶች፣ የነብር ቆዳ የሚመስለው ብርድ ልብስ፤ የሁሉም ሥዕል እኩል ትልቅ ነው። ሽማግሌዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ከተናገሩ ማን ይሰማል? እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ቃሉን ለአንበሶቹ ሰጠን። ከክራቸው ሁለት ቀለም መረጥን፦ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ። ከእነሱ ጋር የሚቀመጥ ሌላ ጌጥ ከሁለቱ አንዱን መያዝ አለበት፣ ሥዕሉም ከአንበሳው ማነስ አለበት። ጣት የምታህል ቀይ መስመር ያለው ትራስ አለፈ። አበቦቹ ቀይ ቢሆኑም የአንበሳውን ያህል ትልቅ ስለሆኑ፣ ከነብሩ ጋር ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። የልጅቷ ግራጫዎች ግን ቀሩ፤ ዐይን ማረፊያ ይፈልጋልና።

ጋቢውን በቁመቱ ሦስት ቦታ አጥፈን፣ ጥበቡ በፊት በኩል እንዲወርድ በሳፓው አንድ ክንድ ላይ ጣልነው። ጥበቡ ቀይና ሰማያዊ፣ ንድፉም ደቃቅ ስለሆነ ተስማማ። አረንጓዴና ቢጫ ቢሆን ኖሮ ጥበቡን ወደ ውስጥ አጥፈን ነጩን ብቻ እናሳይ ነበር።

መጀመሪያ ሁለቱን አንበሶች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከበሩ ቆመን ዐይናችንን ጨፈን አድርገን ስናይ ሳፓው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መሰለ። አንዱን ወደ ሌላኛው ጫፍ ስንወስደው ተስተካከለ። ግራጫዎቹ ከየአንበሳው አጠገብ፣ ባለ መስመሩ መሃል ሆነ። አምስት ትራስ፣ አንድ ጋቢ፤ በቃ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ የድሮ ጥልፍ ማሽን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በጀርባው በኩል ክሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አትጠቡት፤ ነጩን መደብ ያበላሸዋል።

ልጅቷ ጨርሰን ስንቀመጥ አንዱን አንበሳ አንስታ ጀርባውን ገለበጠች። «አያቴ፣ ቋጠሮው የት አለ?» አለቻት። እናታችን መነጽሯን ፈለገች።

ሰንበት ሰላም ይሁንላችሁ።